ጥንድ የሌለው ሥዕል፦ ሳይክልጋን ፎቶን እንዴት «ይሥላል»? የትስ ላይ ይስታል?

ፈረንሳዊው ሰዓሊ ክሎድ ሞኔ በ1870ዎቹ ከፓሪስ ወጣ ብላ በምትገኘው አርዣንቴይ ይኖር ነበር። በሴን ወንዝ ዳር እየተቀመጠ ጀልባዎችን፣ ድልድዮችንና ውሃው ላይ የሚንቀጠቀጠውን ብርሃን ሥሏል። እሱ ሲሥል አጠገቡ ቆሞ ያንኑ ቦታ፣ በዚያው ሰዓት በቀለም ፎቶ ያነሳለት ሰው ግን አልነበረም። ስለዚህ «ቦታው ይህን ይመስል ነበር፤ ሞኔ ደግሞ እንዲህ አየው» ብለን ጎን ለጎን የምናስቀምጠው ጥንድ የለንም። ፎቶን ወደ ሞኔ ዓይነት ሥዕል መቀየር ለኮምፒውተር ማስተማር ለሚፈልግ ሰው ትልቁ እንቅፋት ይህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2016 መጨረሻ ከበርክሌይ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የወጣው «ፒክስ ቱ ፒክስ» የተባለው ዘዴ ጥንድ ከተሰጠው ሥራውን አሳምሮ ይሠራል። የአንድ ሰፈር የአየር ፎቶና የዚያው ሰፈር ካርታ በቀላሉ ስለሚገኙ፣ ኮምፒውተሩ የሠራውን ከትክክለኛው መልስ ጋር እያስተያየ ይማራል። ሞኔን በተመለከተ ግን ትክክለኛ መልስ የሚባል ነገር የለም። በዓመቱ ጁን-ያን ዙ፣ ቴሱንግ ፓርክ፣ ፊሊፕ አይሶላና አሌክሲ ኤፍሮስ እዚያው በርክሌይ ሳይክልጋንን ይዘው ብቅ አሉ። ያዘጋጁት ሁለት ክምር ብቻ ነበር፤ በአንደኛው 6,853 የመልክዓ ምድር ፎቶዎች፣ በሌላኛው 1,074 የሞኔ ሥዕሎች። አንዱን ፎቶ ከአንዱ ሥዕል ጋር የሚያገናኝ ምንም ነገር የለም።

አሠራሩን ለመረዳት ሁለት ሠሪዎችንና ሁለት ዳኞችን እናስብ። አራቱም ኔትወርኮች ናቸው፤ ሲጀምሩ ምንም አያውቁም። አንደኛው ሠሪ ፎቶ ተቀብሎ ሥዕል ያወጣል፣ ሁለተኛው ሥዕል ተቀብሎ ፎቶ ያወጣል። የሥዕሉ ዳኛ አንዴ እውነተኛ የሞኔ ሥዕል፣ አንዴ ደግሞ ሠሪው ያወጣውን እያየ «ይህ እውነተኛ ነው፣ ይህ ሐሰተኛ ነው» ብሎ መለየት ይማራል። ሠሪው በበኩሉ ዳኛውን ማታለል ይማራል። ይህ ፉክክር እ.ኤ.አ. በ2014 ኢያን ጉድፌሎውና ባልደረቦቹ ካቀረቡት ሐሳብ የመጣ ነው።

ፉክክሩ ብቻውን ግን አይበቃም። ዳኛው የሚጠይቀው «ሞኔ ይመስላል ወይ?» ብቻ እንጂ «የተሰጠህን ፎቶ ነው ወይ የሣልከው?» ብሎ አይደለም። ስለዚህ ሠሪው የተራራ ፎቶ ተቀብሎ የጀልባ ሥዕል ቢሰጥ ዳኛው ምንም አይለውም። እንዲያውም ለሁሉም ፎቶ ያንኑ አንድ የተዋጣለት ሥዕል እየደጋገመ ሊሰጥ ይችላል።

የሳይክልጋን ብልሃት እዚህ ላይ ነው። ከፎቶ የወጣው ሥዕል ወደ ሁለተኛው ሠሪ ይሰጥና ተመልሶ ፎቶ ይደረጋል። የተመለሰው ፎቶ ከመነሻው ጋር በየፒክስሉ ይነጻጸራል፤ ልዩነቱ በበዛ ቁጥር ሁለቱም ሠሪዎች ይቀጣሉ። ከሥዕል ተነስቶ በፎቶ በኩል ወደ ሥዕል መመለስም እንዲሁ ይፈተናል። ተመራማሪዎቹ ለዚህ የደርሶ መልስ ቅጣት ከዳኛው ፍርድ አሥር እጥፍ ክብደት ሰጡት። ተራራውን አጥፍቶ ጀልባ የሣለ ሠሪ ተራራውን መልሶ የሚያገኝበት መንገድ ስለሌለው፣ ተራራውን እንዳለ ትቶ ገጹን ብቻ መለወጥ ያዋጣዋል።

ይሁንና ደርሶ መልሱም የማይይዘው ስህተት አለ፤ ቀለም አንዱ ነው። ተመራማሪዎቹ የቀን ብርሃን ያለበትን የሞኔ ሥዕል ወደ ፎቶ ሲያስቀይሩ፣ የሚወጣው ብዙ ጊዜ ጀምበር ስትጠልቅ የተነሳ የሚመስል ፎቶ ሆነ። ነገሩን ቀረብ ብለን እንየው። የፎቶው ዳኛ የጀምበር መጥለቂያ ፎቶዎችን በክምሩ ውስጥ ስላየ አይቃወምም። ሰማያዊው ሰማይ ሁልጊዜ ወደ ብርቱካናማ ከተቀየረ ደግሞ፣ የመልሱ ሠሪ ብርቱካናማውን መልሶ ሰማያዊ ማድረግ ስለሚማር ቅጣት የለም። ሁለቱም ፈተና ታለፈ፤ ቀኑ ግን መሸ።

መፍትሔው አንድ ተጨማሪ ሕግ ሆነ። ፎቶ የሚያወጣው ሠሪ እውነተኛ ፎቶ ከተሰጠው ሳይነካ እንዲመልሰው፣ ሥዕል የሚያወጣውም እንዲሁ እውነተኛ ሥዕል ሲሰጠው ሳይነካ እንዲመልስ ተገደዱ። የዚህ ሕግ ክብደት የደርሶ መልሱ ግማሽ ነው። ከዚያ በኋላ ቀለሙ ከመነሻው ጋር ተቀራረበ።

ሌላው ድክመት ቅርጽ ነው። ዳኛው ምስሉን በጥቅሉ አያይም፤ 70 በ70 ፒክስል የሆኑ ቁራጮችን እያየ ነው የሚፈርደው። ሲሠለጥን የነበረው ምስል ራሱ 256 በ256 ነው። በቁራጭ ውስጥ የብሩሽ አሻራና የቀለም አጣጣል በደንብ ይታያል፤ ሞኔ ዛፉን የት እንደሚያቆም፣ ምን እንደሚያስቀር፣ አድማሱን ምን ያህል ከፍ እንደሚያደርግ ግን አይታይም። ስለዚህ የሚወጣው ፎቶ አንሺው የመረጠው ዕይታ የሞኔን ቀለም ለብሶ ነው። ለእኔ ይህ ትልቅ ጉድለት ነው፤ የሰዓሊ ሥራ ግማሹ ምርጫ ነውና። ተመራማሪዎቹም ውሻን ወደ ድመት ለመቀየር ሞክረው፣ ውሻው ጥቂት ብቻ ተነካክቶ እንደቀረ በጽሑፋቸው አሳይተዋል።

ክምሩ ውስጥ ያልነበረ ነገር ሲመጣም ይወድቃል። ፈረስን ወደ ሜዳ አህያ የሚቀይረው ሳይክልጋን በሠለጠነበት ክምር ውስጥ ሰው የተቀመጠበት ፈረስ አልነበረም። ፈረሰኛ ያለበት ፎቶ ሲሰጠው ሰውየውንም ጥቁርና ነጭ ዥጉርጉር አደረገው። የሞኔው ክምር ደግሞ መልክዓ ምድር ብቻ እንዲቀርበት ተደርጎ የተመረጠ ነው። የሠርግ ፎቶውን ለዚህ ኔትወርክ የሚሰጥ ሰው፣ ፊት ምን እንደሆነ ተምሮ ለማያውቅ ሠሪ ፊቱን እየሰጠ ነው።

ከሁሉም በላይ ያስገረመኝ ግን ድብብቆሹ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ኬሲ ቹ፣ አንድሬ ዥሞጊኖቭና ማርክ ሳንድለር የአየር ፎቶን ወደ ካርታ ቀይሮ የሚመልስ ሳይክልጋን ሲመረምሩ፣ በአንድ ጣሪያ ላይ የነበሩ ጥቋቁር ነጠብጣቦች ካርታው ላይ ጠፍተው፣ በተመለሰው ፎቶ ላይ እንደገና ብቅ ሲሉ አዩ። ሠሪው ነጠብጣቦቹን ዓይን በማይለየው ስስ የፒክስል ለውጥ አድርጎ ካርታው ውስጥ ደብቋቸው ኖሯል። ማጋለጫው ቀላል ነው፤ በመካከለኛው ምስል ላይ ለዓይን የማይታይ ጥቂት የዘፈቀደ ለውጥ ጨምሮ ወደ ኋላ ማስመለስ። ምስጢር ተደብቆበት ከነበረ የሚመለሰው ምስል ይበላሻል። ስለዚህ የደርሶ መልስ ውጤት ማማሩ ብቻ በመሃል ያለው ሥዕል ለፎቶው ታማኝ ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም።

በሥዕል ላይ ይህ ሁሉ ብዙ ጉዳት የለውም። እ.ኤ.አ. በ2018 ግን ጆሴፍ ፖል ኮኸን፣ ማርጎ ላክና ሲና ሆናሪ ይህንኑ ዘዴ በአንጎል የኤምአርአይ ምስሎች ላይ ፈተሹት። አንዱን የኤምአርአይ ዓይነት ወደ ሌላው እንዲቀይር ሲያሠለጥኑት፣ በመድረሻው ክምር ውስጥ የጤነኞች ምስል ብቻ ከነበረ ሠሪው የታማሚውን ዕጢ አጥፍቶ ጤነኛ አንጎል ያወጣል፤ ክምሩ በዕጢ የተሞላ ከነበረ ደግሞ በጤነኛው ላይ ዕጢ ይጨምራል። ሐኪሞች እንዲህ የተቀየረን ምስል በቀጥታ እንዳያነቡ ያሳሰቡትም በዚህ ምክንያት ነው።