«እኔ እንደዛ አላልኩም!»

ሴቻ ውስጥ የሰፈራችን ዕድር ኮሚቴ ጸሐፊ ያደረገኝ «ኢኮኖሚክስ ተምረህ ቃለ ጉባኤ መጻፍ ያቅትሃል?» ተብዬ ነው። እኔም ለማሳየት ብዬ በመጀመሪያው ስብሰባ የተባለውን ሁሉ ጻፍኩ። ድንኳንና ወንበር አባል ላልሆነ ሰው ይከራይ ወይስ አይከራይ የሚለው አጀንዳ ብቻ ሦስት ገጽ ፈጀ። አንድ ጋሼ «ባለፈው ለእነ እገሌ ሰጥተን ስድስት ወንበር ጎደለብን» ማለታቸውንም ከነስሙ አሰፈርኩ።

በቀጣዩ ስብሰባ እንዲጸድቅ አነበብኩት። ጋሼ ብድግ አሉ፦ «እኔ እንደዛ አላልኩም! ከጎረቤት ልታጣላኝ ነው?» አንድ ሰዓት በእሱ አለቀ። ከዚያ በኋላ የባሰው ነገር መጣ፤ ሰው እስክሪብቶዬን እያየ ዝም ማለት ጀመረ።

ስለዚህ ወደ ሌላው ጫፍ ሄድኩ። «አባል ላልሆነ ሰው እንዳይከራይ ተወስኗል።» አለቀ። ግን ከዓመት በኋላ ኮሚቴው ሲቀየር አዲሱ ሰብሳቢ «ለምን ነበር የከለከላችሁት?» ሲሉ የሚያስታውስ ጠፋ። ክርክሩ እንደገና ከዜሮ ተጀመረ።

ታዲያ የቱ ይሻላል? መጀመሪያ ማን እንደሚያነበው ጠይቁ። በ1987 ዓ.ም. የሕገ መንግሥት ጉባኤው ሲወያይ የተናጋሪዎቹ ንግግር በቃለ ጉባኤ ሰፍሯል። ዛሬ አንቀጽ 39 ለምን እንዲህ ተጻፈ ብሎ የሚመረምር ሰው እሱን ይከፍታል። ተናጋሪዎቹ የሕዝብ ተወካዮች ስለነበሩ ያሉት ነገር መታወቁ ተገቢ ነው። የቼክ ፈራሚ ስትቀይሩ ግን ባንኩ ማን ወርዶ ማን እንደተተካ እና የአባላቱን ፊርማ ነው የሚፈልገው፤ ማን ማንን እንደተቃወመ ምን ያደርግለታል?

እኛ አሁን መሃል ላይ ነን። ያው የድንኳን ጉዳይ ዛሬ እንዲህ ይጻፋል፦

«አጀንዳ 2፦ የድንኳንና የወንበር ኪራይ። ውሳኔ፦ አባል ላልሆነ ሰው አይከራይም። ምክንያት፦ ቀደም ሲል ዕቃ ጎድሏል፤ ሁለት ለቅሶ ሲገጥም ለአባል አይበቃም። የታየ አማራጭ፦ በመያዣ ማከራየት፤ ዕቃ ቆጥሮ የሚረከብ ሰው ስለሌለ አልተመረጠም። ፈጻሚ፦ ንብረት ያዥ፣ ከዛሬ ጀምሮ።»

ስም የለም፣ ሐሳቡ ግን አለ። ዕቃ ቆጣሪ የተገኘ ቀን ጉዳዩ እንደገና ሊታይ እንደሚችልም አንባቢው ይገባዋል። ስም የምንጽፈው አንድ አባል ራሱ «ልዩነቴ ይመዝገብልኝ» ካለ ብቻ ነው፤ በተለይ ገንዘብ የሚወጣበት ውሳኔ ላይ። ነገ ብሩ ቢጎድል አልተስማማሁም የሚለው በወረቀት መኖር አለበት።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቁ። ምክንያቱን ቤት ገብታችሁ ከጻፋችሁት የእናንተ ምክንያት ይሆናል። እኔ አሁን ስብሰባው ሳይበተን ጮክ ብዬ አነባለሁ፣ ያርሙኛል፣ እዚያው ይፈርማሉ። ጋሼም «አዎ፣ ይኼን ብያለሁ» ብለው ፈርመዋል።