ከአምስተኛው ዓመት በኋላ የሚመጣው ክፍያ

ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ቤት ሊገዙ የተነሱ ባልና ሚስት እናስብ። እሱ አውቶቡስ ይነዳል፣ እሷ ሆስፒታል ትሠራለች፤ ደመወዛቸው ሳይዛነፍ ይገባል። ለ400,000 ዶላር ብድር ሁለት አማራጭ ቀርቦላቸዋል። አንደኛው ለ30 ዓመት የማይለወጥ 6.75 በመቶ ወለድ ነው፤ በወር 2,594 ዶላር ያስከፍላል። ሁለተኛው በ6 በመቶ ጀምሮ አምስት ዓመት ከቆየ በኋላ በየስድስት ወሩ ይከለሳል፤ ለጊዜው ክፍያው 2,398 ዶላር ነው። የቤት ግብርና ኢንሹራንስ ለብቻ ናቸው፤ እነሱ በቋሚውም ብድር ላይ ይጨምራሉ።

የ196 ዶላር ልዩነት አምስት ዓመት ሲጠራቀም ወደ 11,800 ዶላር ይጠጋል። ታዲያ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው «ወለድ ይወርዳል ወይስ ይወጣል?» እያለ ነው። የ30 ዓመቱ ቋሚ ወለድ በጃንዋሪ 2021 በአማካይ 2.65 በመቶ ነበር፤ በኦክቶበር 2023 7.79 ደረሰ። ይህን አስቀድሞ አውቃለሁ የሚል ሰው ምክር አይሰማ።

ይልቅ ማርጂኑን ይጠይቁ። ከአምስት ዓመት በኋላ ወለዱ የሚሰላው ሶፈር በተባለው የገበያ መነሻ ላይ ባንኩ የራሱን ቋሚ ጭማሪ ደምሮ ነው፤ ማርጂን የሚባለው ይህ ጭማሪ ነው። ማርጂኑ 2.75፣ ሶፈር ደግሞ 4.25 ቢሆን ድምሩ 7 በመቶ ይመጣል። ገበያው ከዛሬው ንቅንቅ ባይል እንኳ ክፍያቸው ወደ 2,631 ዶላር ያድጋል ማለት ነው። የመጀመሪያው 6 በመቶ ለመግቢያ የተሰጠ ቅናሽ ነበር።

ገበያው ከከፋ ደግሞ ጣሪያው አለ። በብዙ ውሎች 2/1/5 ተብሎ ይጻፋል፦ በመጀመሪያው ክለሳ ከ2፣ በየቀጣዩ ከ1፣ በጠቅላላው ከ5 ነጥብ በላይ አይጨምርም። በዚህ ስሌት ክፍያቸው መጀመሪያ ወደ 2,873 ይወጣል፤ በዓመት ከመንፈቅ ውስጥም 11 በመቶ ላይ ደርሶ 3,630 ዶላር ገደማ ይሆናል። ማርጂኑም ጣሪያውም ባንኩ በሚሰጠው የብድር ግምት ወረቀት ሁለተኛ ገጽ ላይ ተጽፈው ይገኛሉ።

የተረጋጋ ደመወዝ እዚህ ላይ ያታልላል። በየወሩ መምጣቱ እርግጥ ነው፤ ወለድ ሲወጣ ግን አብሮ አይወጣም። «ያኔ ሪፋይናንስ እናደርጋለን» የሚለውም አዲስ የመዝጊያ ወጪ አለው፤ የቤቱ ዋጋ ከወረደ ወይም አንዳቸው ሥራ ካጡ ላይፈቀድም ይችላል። ቋሚውን የወሰደ ሰው ግን ወለድ ሲወርድ ሪፋይናንስ ይሞክራል፤ ሲወጣ ቁጭ ይላል።

እነዚህ ባልና ሚስት በአራት ዓመት ውስጥ ቤቱን ሸጠው ወደ ሌላ ስቴት ለመሄድ ከቆረጡ ተለዋዋጩን ብመክራቸው አላፍርም። ልጆቻቸውን እዚያው ሊያሳድጉ ካሰቡና 3,630 ዶላር ከአቅማቸው በላይ ከሆነ ግን 2,594ን ይፈርሙ እላለሁ።