«ስኳር የለውም» ሲባል ካሎሪው የት ይሄዳል?

ከአሜሪካ በሚመጣ ሻንጣ ውስጥ የስኳር ሕመም ላለባቸው እናት ወይም አባት ተብሎ የተገዛ «ስኳር የለውም» የሚል ቸኮሌት አይጠፋም። ላኪውም ተቀባዩም ስኳር ከሌለው አያወፍርም፣ የደም ስኳርንም አይነካም ብለው ያምናሉ። ከማሸጊያው ጀርባ ያለው ሠንጠረዥ ግን ሌላ ነገር ይናገራል።

እዚያ የተጻፈው ካሎሪ ብዙውን ጊዜ በስሌት የተገኘ ነው። ለአንድ ግራም ስብ 9፣ ለአንድ ግራም ፕሮቲን 4፣ ለአንድ ግራም ካርቦሃይድሬትም 4 ካሎሪ ይያዝና ይደመራል። ስኳርም የሚቆጠረው በ4 ነው። በስኳር ፋንታ የሚገቡት ሹገር አልኮል የሚባሉት ማጣፈጫዎች (የሚያሰክረው አልኮል ውስጣቸው የለም) ግን የየራሳቸው ሒሳብ አላቸው። በአሜሪካ ደንብ ማልቲቶል በግራም 2.1፣ ዛይሊቶል 2.4፣ ሶርቢቶል 2.6 ካሎሪ ተብሎ ይሰላል።

ከስኳር የሚያንሱት ሰውነት ሙሉ በሙሉ ስለማይጠቀምባቸው ነው። ቸኮሌት ውስጥ የሚበዛውን ማልቲቶል እንውሰድ። ከፊሉ በትንሹ አንጀት ተፈጭቶ ወደ ደም ይገባል፤ ስለዚህ ከስኳር ባነሰ መጠንም ቢሆን የደም ስኳርን ከፍ ያደርጋል። የቀረው ወደ ትልቁ አንጀት ይወርድና ባክቴሪያዎች ያብላሉታል። ከዚያም ሰውነት ጥቂት ጉልበት ያገኛል፣ ጋዝም ይፈጠራል። እንዲህ ያለ ቸኮሌት አብዝቶ የበላ ሰው ሆዱ የሚነፋው፣ አንዳንዴም የሚያስቀምጠው በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን አንድ ቸኮሌት እናስላ። 30 ግራም በሚመዝን ቁራጭ ውስጥ 11 ግራም ስብ፣ 2 ግራም ፕሮቲን፣ 14 ግራም ማልቲቶልና 2 ግራም ሌላ ካርቦሃይድሬት አለ እንበል። ስቡ 99፣ ፕሮቲኑ 8፣ ሌላው ካርቦሃይድሬት 8፣ ማልቲቶሉ 29.4 ካሎሪ ይሰጣል። ድምሩ 144.4 ነው። በአሜሪካ ከ50 በላይ የሆነ ካሎሪ ወደ ቅርቡ አሥር ስለሚጠጋጋ ማሸጊያው ላይ 140 ተብሎ ይታተማል። በማልቲቶሉ ቦታ ያው 14 ግራም ስኳር ቢሆን ኖሮ ድምሩ 171 ይሆንና 170 ይጻፍ ነበር። ልዩነቱ 30 እንኳ አይሞላም፤ የካሎሪው ትልቁ ድርሻ ከስቡ ነውና ስኳሩ ቢወጣም እሱ አልተነካም። አውሮፓ ውስጥ ደግሞ ከኤሪትሪቶል በስተቀር ሁሉም በ2.4 ስለሚሰላ ይኸው ቁራጭ 149 ካሎሪ ይሆናል። ሁለት ማሸጊያ ላይ የተለያየ ቁጥር ቢያዩ የግድ ቸኮሌቱ ተለያይቷል ማለት አይደለም።

ኤሪትሪቶል በሁለቱም ዘንድ ዜሮ ነው። አብዛኛው ከትንሹ አንጀት ወደ ደም ይገባል፤ ሰውነት ግን ሊያቃጥለው ስለማይችል እንዳለ በሽንት ይወጣል። ይህ ዜሮ ከሞላ ጎደል እውነተኛ ዜሮ ነው።

የሰው ሠራሽ ማጣፈጫዎች ዜሮ ግን ሁልጊዜ እንዲህ አይደለም። አስፓርታም በግራም እንደ ስኳር 4 ካሎሪ አለው። ነገር ግን ከስኳር 200 ጊዜ ያህል ስለሚጣፍጥ ለአንድ ጣሳ ዳይት ለስላሳ 0.2 ግራም ገደማ ይበቃል፤ ይህም አንድ ካሎሪ አይሞላም። የአሜሪካ ደንብ በአንድ ጊዜ መጠን ውስጥ ከ5 ካሎሪ በታች ያለውን ዜሮ ብሎ መጻፍ ስለሚፈቅድ ጣሳው ላይ 0 ይታተማል። ለጣሳው ይህ ፍትሐዊ ነው ባይ ነኝ። በቡና ላይ የሚጨመረው ትንሿ የሱክራሎዝ ፓኬት ጋ ሲደረስ ግን ነገሩ ይለያል። ሱክራሎዙ እጅግ ጥቂት ነው፤ ፓኬቷን የሚሞላው ዴክስትሮዝና ማልቶዴክስትሪን የሚባል ተራ ካርቦሃይድሬት ነው። አንድ ግራም የምትመዝን ፓኬት ወደ 4 የሚጠጋ ካሎሪ ይዛ «ዜሮ» ትባላለች። በቀን አሥር ፓኬት የሚጨምር ሰው 40 ገደማ ካሎሪ ይወስዳል፤ ብዙ አይደለም፣ ዜሮም ግን አይደለም።

ስለዚህ ለወላጅዎ ከመግዛትዎ በፊት ማሸጊያውን ገልብጠው ሦስት ነገር ይመልከቱ፤ ቁጥሩ የተሰላው ለስንት ግራም እንደሆነ፣ ስቡ ስንት እንደሆነና የሹገር አልኮሉን መጠን። በአሜሪካ ስለ ስኳር መጠኑ የሚያስተዋውቅ ምርት ሹገር አልኮል ካለው መጠኑን በሠንጠረዡ ለብቻው መጻፍ ግዴታው ነው። የማጣፈጫው ስም ማልቲቶል ከሆነ ደግሞ ለሚቀበሉት እናት ወይም አባት «ይህም የደም ስኳር ይጨምራል፣ በልክ ይብሉት» ብለው አብረው ይንገሯቸው።