ስሙ የጠፋን ዘፈን በምቱ ፍጥነት ማደን

የዘፋኙም የዘፈኑም ስም ጠፍቶ ምቱና ስሜቱ ብቻ ጭንቅላት ውስጥ የሚቀርበት ጊዜ አለ። ይህች ትንሽ ትዝታ ግን ለፍለጋ ትበቃለች። እንደ ተንባት ያሉ የዘፈን ዳታቤዞች የእያንዳንዱን ዘፈን ፍጥነት፣ ኪይና የስሜት መለኪያ በቁጥር መዝግበው ይዘዋል። ችግሩ ማጣሪያው ላይ የምናስገባው ቁጥርና ዳታቤዙ ውስጥ ያለው ቁጥር ብዙ ጊዜ አለመግጠማቸው ነው። የማይገጥሙበትን ምክንያት ያወቀ ሰው ዘፈኑን የማግኘት ዕድሉ ሰፊ ነው።

የአሜሪካኑን የአውትካስት ቡድን «ሄይ ያ!» የተባለ የ2003 ዘፈን እንውሰድ። ፈላጊው የሚያስታውሰው ፈጣን ምት፣ ደስ የሚል ዜማ፣ በ2000ዎቹ መጀመሪያ የተሰማ መሆኑን ብቻ ነው እንበል።

መጀመሪያ ፍጥነቱን መለካት ነው። ዘፈኑን በልብ እያዜሙ ያጨብጭቡና በ15 ሰከንድ ውስጥ ያለውን ጭብጨባ ቆጥረው በ4 ያባዙ። 40 ከሆነ በደቂቃ 160 ምት ማለት ነው። ነገር ግን አንድ ጭብጨባ ብትሳሳቱ ውጤቱ በ4 ይዛነፋል፤ በዚያ ላይ ከትዝታ ሲዜም ምቱ ትንሽ መፍጠኑ ወይም መዘግየቱ አይቀርም። ስለዚህ 160 ብሎ ከመፈለግ ከ155 እስከ 165 ማለት ይሻላል።

ትልቁ ወጥመድ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ተንባት «ሄይ ያ!»ን የመዘገበው 160 ሳይሆን 80 ብሎ ነው። ምቱን የሚለየው ፕሮግራም አንዱን ምት እየዘለለ ስለሚቆጥር ፍጥነቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ በሌላ ዘፈን ላይ ደግሞ እጥፍ ያደርገዋል። ከ155 እስከ 165 ብቻ የፈለገ ሰው ይህን ዘፈን በፍጹም አያገኘውም። መፍትሔው የቆጠርነውን ፍጥነትና ግማሹን አብሮ መፈለግ ነው፤ የቆጠርነው ዝግ ያለ ምት ከሆነ ደግሞ እጥፉን መጨመር። የዘፈኖቹ ሠንጠረዥ ኮምፒውተራችን ላይ ካለ ትዕዛዙ ይህን ይመስላል፦

```sql
SELECT title, artist, tempo, song_key, mode
FROM songs
WHERE year BETWEEN 2000 AND 2006
  AND (tempo BETWEEN 155 AND 165
    OR tempo BETWEEN 77 AND 83)
ORDER BY valence DESC;
```

መጨረሻው መስመር ላይ ያለው `valence` የስሜት መለኪያ ነው፤ ወደ 0 ሲጠጋ ያዘነ፣ ወደ 1 ሲጠጋ የተደሰተ ድምፅ ማለት ነው። የሚለካው ግን ድምፁን እንጂ ግጥሙን አይደለም። «ሄይ ያ!» በዜማው ሞቅ ያለ ስለሆነ መለኪያው ወደ 1 ይጠጋል፤ ግጥሙ ግን እየቀዘቀዘ ስላለ ፍቅር ነው። ቃላቱን አስታውሶ «የሚያሳዝን ዘፈን» ብሎ ያጣራ ሰው በገዛ እጁ ከዝርዝሩ ያስወጣዋል። ለዚህ ነው ስሜትን ለመቁረጥ ሳይሆን ለመደርደር የምንጠቀምበት፤ ከላይ ያሉት ቀድመው ይደመጣሉ፣ ከታች ያሉትም አይጠፉም።

ዝርዝሩ አሁንም ከረዘመ ኪዩ ይረዳል። ዜማው የሚያርፍበትን ድምፅ እያንጎራጎሩ በስልክ ላይ ባለ የጊታር መቃኛ ይዩት። ጂ ካሳየና ዜማው የፈካ ከሆነ ጂ ሜጀር ሊሆን ይችላል። ብዙ ሠንጠረዦች ሲን 0 ብለው ስለሚጀምሩ ጂ 7 ይሆናል፤ ሜጀር ደግሞ 1፣ ማይነር 0 ተብሎ ይጻፋል። ጂ ሜጀርና ኢ ማይነር ግን የሚጠቀሙባቸው ሰባት ድምፆች አንድ ናቸው፤ ፕሮግራሙ አንዱን በሌላው ሊተካ ስለሚችል ሁለቱንም መያዝ ነው። የምናስታውሰው ካሴት ፈጥኖ ይዞር ከነበረም ድምፁና ምቱ አብረው ይወጣሉ፤ በግማሽ ቶን ከፍ ማለት ማለት ምቱ 6 በመቶ ያህል ፈጠነ ማለት ነው።

የኢትዮጵያ ዘፈን ላይ ኪይ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። እነዚህ ፕሮግራሞች ምርጫቸው 12 ሜጀርና 12 ማይነር ብቻ ሲሆን ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ ግን ባለ አምስት ድምፅ ቅኝቶች ናቸው። በተለይ አንቺሆዬ ከሁለቱም ጋር ስለማይገጥም የሚሰጠው ስያሜ ግምት ነው። ምታቸው በሦስት በሦስት የሚከፈል የጭፈራ ዘፈኖችም ላይ ፕሮግራሙ ፍጥነቱን አንድ ተኩል እጥፍ አድርጎ ሊመዘግብ ይችላል፤ እኛ 84 የቆጠርነው 126 ተብሎ ይገኛል። ስለዚህ ለእነዚህ ኪዩን መተውና 126ንም መሞከር ይበጃል።

ዝርዝሩ ባዶ ከሆነ ማጣሪያዎቹን ከመጨረሻው ጀምሮ ያንሱ፦ መጀመሪያ ኪዩን፣ ቀጥሎ ዓመቱን፣ ከዚያም የፍጥነቱን ክልል ያስፉ። ዘፈን ሲገኝ ደግሞ ቁጥሩን ሳይሆን ጆሮን ማመን ነው፤ አብረው እያጨበጨቡ በ15 ሰከንድ ውስጥ እንደገና ይቁጠሩ። ከ40 ጭብጨባ ጋር ከተቀራረበ ሠንጠረዡ 80 ቢልም የምትፈልጉት ዘፈን ሊሆን ይችላልና እስከ መጨረሻው ያዳምጡት።