አራተኛው ቡድን፦ ስለ ፈረቃ ሥራ የሚነገረውና እውነታው

ከድሬዳዋ መሀል ከተማ ወጣ ብላ የምትገኘው መልካ ጀብዱ ዛሬ የፋብሪካ ሰፈር ናት። የድሬዳዋ ኢንዱስትሪ ፓርክ እዚያ ነው። በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ የተመረቀው የአገሪቱ የመጀመሪያ ነፃ የንግድ ቀጣናም እዚያው ነው። ወደ ጅቡቲ የሚያልፈው አዲሱ የባቡር መስመርም ጣቢያው ከዚያ አይርቅም። በእንዲህ ያለ ቦታ ማሽን የተከለ ባለሀብት ብዙም ሳይቆይ የሚያነሳው ጥያቄ አንድ ነው፦ ማሽኑ ሌሊትም ይሥራ ወይ?

ለአንዳንዱ ፋብሪካ ይህ ምርጫ አይደለም። ድሬዳዋ ከጣልያን ወረራ ዘመን ጀምሮ የምታውቀውን ሲሚንቶ ብንወስድ፣ የክሊንከር ምድጃው ውስጥ ያለው ጥሬ ዕቃ እስከ 1450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይግላል። በየማታው ቢያጠፉት ውስጡን የሚሸፍነው የእሳት ጡብ በቅዝቃዜና በሙቀት መፈራረቅ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ጥገና እስኪደርስ ድረስ ሳይቋረጥ መሥራት አለበት። ሌሎቹ ፋብሪካዎች ደግሞ ውድ ማሽን ገዝተው ሌሊቱን እንዲያርፍ ስለማይፈልጉ ወደ 24 ሰዓት ይገባሉ። ሁለቱም ጋ ሠራተኛው እንዴት ይመደብ ሲባል በየስብሰባው የሚደጋገሙ እምነቶች አሉ። አብዛኞቹ ከወረቀትና እርሳስ ፊት አይቆሙም።

«ሦስት ጊዜ ስምንት ሃያ አራት ነው፤ ሦስት ቡድን ይበቃል»

ለአንድ ቀን ይበቃል። ችግሩ ሳምንት ሰባት ቀን መሆኑ ነው። ሰባት ቀን በሃያ አራት ሰዓት ሲባዛ 168 ሰዓት ይሆናል። ይህን ለሦስት ቡድን ብናካፍል ለእያንዳንዱ 56 ሰዓት ይደርሰዋል፤ ማለትም በየቀኑ ስምንት ሰዓት፣ ያለ አንድ ቀን እረፍት። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ መደበኛውን የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ላይ ይገድበዋል፤ በየሰባት ቀኑም ከ24 ሰዓት የማያንስ ያልተቋረጠ እረፍት ያዛል። ለአራት ሲካፈል ግን ለእያንዳንዱ ቡድን 42 ሰዓት ይደርሳል።

«እሺ፣ ግን አራተኛው ቡድን ወጪ ነው» የሚለው መልስ ወዲያው ይከተላል። እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማስላት ያስፈልጋል። በየፈረቃው 12 ሰው የሚፈልግ የማምረቻ መስመር አለ እንበል። በሦስት ቡድን ከሄደ 36 ሠራተኛ ይቀጠራል። እያንዳንዱ 48 ሰዓት በመደበኛ ክፍያ፣ ቀሪውን 8 ሰዓት ደግሞ በእረፍት ቀኑ ይሠራል። አዋጁ በሳምንት እረፍት ቀን ለሚሠራ ትርፍ ሰዓት እጥፍ እንዲከፈል ስለሚያዝ 8ቱ ሰዓት እንደ 16 ይቆጠራል። ስለዚህ ለአንድ ሰው በሳምንት የ64 ሰዓት፣ ለ36ቱ የ2,304 ሰዓት ደመወዝ ይወጣል። በአራት ቡድን 48 ሠራተኛ ይቀጠራል። በአማካይ 42 ሰዓት ብቻ ቢሠሩም የ48 ሰዓት ሙሉ ደመወዝ ይከፈላቸው ብንል እንኳ 48 በ48 ሲባዛ ያው 2,304 ነው።

ልዩነት የለም! የአሥራ ሁለቱ ተጨማሪ ሠራተኞች የጡረታ መዋጮ፣ ሰርቪስና የሥራ ልብስ ይጨመራል። የአሠሪው የጡረታ ድርሻ 11 በመቶ ስለሆነ እሱ ብቻውን በሳምንት የ63 ሰዓት ደመወዝ ያህል ይሆናል። ይህ እውነተኛ ወጪ ነው፤ ግን ሰው ከሚፈራው «አንድ ሦስተኛ ጭማሪ» ጋር አይገናኝም። የሦስቱ ቡድን ስሌት ደግሞ ሕጉ የሚጠብቀውን የእረፍት ቀን በገንዘብ እየገዛ የሚሄድ ነው። አንድ ሰው ሲታመም የሚተካው ሌላ ሰው ስለሌለም ባልደረባው ሁለት ፈረቃ ይደርባል።

«አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት ሰዓት ይሥሩና ብዙ ይረፉ»

ይህ ሐሳብ ሠራተኛውም የሚወደው ነው፤ ወደ ፋብሪካ የሚመላለስበት ቀን ይቀንሳልና። አራት ቡድን በ12 ሰዓት ፈረቃ ሲዞርም አማካዩ ያው 42 ነው። ሆኖም በቀን ከስምንት ሰዓት በላይ ያለው አራት ሰዓት በእያንዳንዱ ፈረቃ ትርፍ ሰዓት ይሆናል። አዋጁ ትርፍ ሰዓትን በቀን በ4፣ በሳምንት በ12 ይገድባል፤ ስለዚህ በሳምንት ከሦስት ፈረቃ በላይ አያስኬድም። የ12 ሰዓት ዑደት ደግሞ በአማካይ ሦስት ተኩል ፈረቃ ይጠይቃል። ከዚህም በላይ ትርፍ ሰዓት የተፈቀደው ለአደጋ፣ ለአስቸኳይ ሥራ፣ ሳይቋረጥ በሚሠራ ሥራ ላይ የቀረን ሰው ለመተካትና ለመሳሰሉት ነው፤ ቋሚ ፕሮግራም እንዲሠራበት አይደለም።

«ሰውነት ሌሊቱን እንዲለምድ ሳምንት ሙሉ አንድ ፈረቃ ላይ ይቆይ»

በጣም የተስፋፋው እምነት ይህ ነው፤ ብዙ ጉዳት የሚያደርሰውም እሱ ይመስላል። የሰው ሰውነት ውስጥ ያለው ሰዓት በዋነኛነት በብርሃን ይመራል። ከሌሊት ፈረቃ ወጥቶ ሰርቪስ ሲሳፈር ፀሐይ የምትወጣበት ሰው፣ ሰውነቱ «ነጋ» የሚል መልእክት ይደርሰዋል። ስለዚህ ለዓመታት ሌሊት ብቻ የሠሩ ሰዎች እንኳ አብዛኞቹ ሙሉ በሙሉ አይለምዱም። በሳምንት የሚቀያየር ሰው ደግሞ መልመድ ሲጀምር ይነሳል፤ እስከዚያ ግን ስድስት ቀን ተከታታይ በቀን ይተኛል፣ እንቅልፉም በየቀኑ ይጎድልና ይደራረባል።

በድሬዳዋ ይህ ጉድለት ይበልጥ ይከፋል። ከተማዋ ቆላ ናት፤ በሞቃቱ ወራት በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ መተኛት ትግል ነው። ሌሊቱን ለማለፍ ጫት የሚቅም ሠራተኛም አለ። ቅጠሉ ለጥቂት ሰዓት ማንቃቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን አነቃቂው ንጥረ ነገር ከፈረቃው ጋር አብሮ አያበቃም፣ ጠዋት ሊተኛበት የሚገባውን እንቅልፍ ይወስድበታል። በሚቀጥለው ሌሊት ይበልጥ ደክሞ ስለሚገባ የሚቅመውም ይጨምራል።

መፍትሔው ሌሊቱን ማሳጠር ነው፦ ሁለት ሌሊት ብቻ ሠርቶ መውጣት። እንዲህ ከሆነ የሰውነቱ ሰዓት ከቀኑ ጎን ይቆያል፣ የጎደለው እንቅልፍም ሳይከማች ይካሳል። በእንግሊዝ አገር «ሜትሮፖሊታን» በሚል ስም የሚታወቀው ዑደት የተሠራው በዚህ ሐሳብ ነው፤ ሁለት ጠዋት፣ ሁለት ከሰዓት፣ ሁለት ሌሊት፣ ሁለት እረፍት። ጠ ጠዋትን፣ ከ ከሰዓትን፣ ሌ ሌሊትን፣ እ እረፍትን ቢወክሉ የስምንቱ ቀን ሰሌዳ ይህን ይመስላል፦

ቡድን ሀ፦ ጠ ጠ ከ ከ ሌ ሌ እ እ
ቡድን ለ፦ እ እ ጠ ጠ ከ ከ ሌ ሌ
ቡድን ሐ፦ ሌ ሌ እ እ ጠ ጠ ከ ከ
ቡድን መ፦ ከ ከ ሌ ሌ እ እ ጠ ጠ

በማንኛውም ቀን ከላይ ወደ ታች ሲነበብ አራቱም ፊደላት አንድ አንድ ጊዜ ይገኛሉ፤ ክፍት የቀረ ፈረቃ የለም ማለት ነው። ፈረቃዎቹ ከጠዋቱ 12፣ ከቀኑ 8 እና ከምሽቱ 4 ሰዓት ቢጀምሩ፣ የሌሊቱ ፈረቃ አዋጁ ለነፍሰ ጡር ሴቶችና ለወጣት ሠራተኞች ከከለከለው ሰዓት ጋር ልክ ይገጥማል። ስለዚህ እነሱን ከየትኛው ፈረቃ ማውጣት እንደሚገባ አያጠያይቅም።

የዚህ ዑደት ትልቁ ጥቅም ግን ሌላ ነው። ከየትኛውም ቀን ጀምረን ሰባት ቀን ብንቆጥር ቢበዛ ስድስት፣ ቢያንስ አምስት ፈረቃ እናገኛለን። ማለትም ሳምንቱ ወይ 48 ወይ 40 ሰዓት ነው፤ ከአዋጁ ጣሪያ አንድም ሳምንት አያልፍም። በሌሎች አገሮች የሚወደደው ሁለት-ሁለት-ሦስት እየተባለ የሚዞረው የ28 ቀን ዑደት ከዓርብ እስከ እሑድ የሚዘልቅ የሦስት ቀን እረፍት በየአራት ሳምንቱ ይሰጣል። ነገር ግን ሰባት ፈረቃ በተከታታይ፣ 56 ሰዓት በአንድ ሳምንት ያሠራል። አማካዩ 42 ቢሆንም ከሕጉ ጋር ለማስታረቅ ብዙ ማብራራት ይጠይቃል።

«ወደ የትም ቢዞር ያው ነው»

አይደለም። ከላይ ባለው ሰሌዳ ከሁለተኛው ጠዋት ቀኑ 8 ሰዓት ላይ የወጣ ሰው የሚመለሰው በማግስቱ ቀኑ 8 ሰዓት ነው፤ 24 ሰዓት አርፏል። ሰሌዳው ተገልብጦ ከከሰዓት ወደ ጠዋት ቢዞር ግን ከምሽቱ 4 ሰዓት ወጥቶ ጠዋት 12 ሰዓት መግባት አለበት። ስምንት ሰዓት ብቻ! ሰርቪሱ፣ እራቱና መታጠቡ ሲቀነስ አምስት ሰዓት እንቅልፍ ቢያገኝ ዕድለኛ ነው። በተጨማሪም የብዙ ሰው የሰውነት ሰዓት ከ24 ሰዓት ትንሽ ስለሚረዝም ማምሸት ከማለድ ይቀለዋል።

«አራት ቡድን ካለ የሰው እጥረት አይኖርም»

በዓመት 8,760 ሰዓት አለ። ለአራት ሲካፈል 2,190 ነው፣ ይኸውም በሳምንት 42 ሰዓት። አንድም ትርፍ ሰዓት አልቀረም፤ ማንም ዓመት ፈቃድ ካልወጣና ካልታመመ ብቻ ይሞላል። አዋጁ ግን ለመጀመሪያው ዓመት አገልግሎት 16 የሥራ ቀን ፈቃድ ይሰጣል። ባለ 12 ሰው መስመራችን ላይ 48ቱ ሠራተኞች ፈቃዳቸውን ሲወስዱ 768 ፈረቃ ባዶ ይሆናል። በየቡድኑ አሥራ ሦስተኛ ሰው ቢጨመር ጉድለቱ ተሸፍኖ በዓመት 263 ፈረቃ ያህል ይተርፋል፤ ለአንድ ሰው የአምስት ቀን ሕመም ወይም ሥልጠና ማለት ነው። አሥራ ሦስተኛው ሰው ሁለት ሦስት ማሽን የሚችል መሆን አለበት፤ አለበለዚያ ቁጥር ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ዑደቱ የሚያስከፍለውም ነገር አለ። ቅዳሜና እሑድን አንድ ላይ ማረፍ በስምንት ሳምንት አንዴ ብቻ ይገኛል፤ ሰርግና ማኅበር ላለበት ሰው ይከብዳል። በሌላ በኩል ስምንት ቀን ከሰባት ቀን ሳምንት ጋር ስለማይገጥም ክብደቱ ለሁሉም እኩል ይደርሳል። የጁምዓ ሶላት የሚደርሰው በጠዋቱ ፈረቃ ውስጥ ነው፤ እያንዳንዱ ቡድን ከስምንት ዓርብ በሁለቱ ብቻ ይነካል። እሑድ ቤተ ክርስቲያን የሚሄደውም በተመሳሳይ ስሌት ይታያል። በረመዳን ማፍጠሪያው የሚውለው በከሰዓቱ ፈረቃ ላይ ስለሆነ የዚያ ፈረቃ የምግብ እረፍት ወደ ፀሐይ መጥለቂያ ይዛወራል።

ሰሌዳው ከተለጠፈ በኋላ ሁለት መዝገቦች ሥራውን ይናገራሉ። አንደኛው የርክክብ መዝገብ ነው። ሦስት ስምንት ሰዓት ሲደመር ክፍተት ስለሌለው፣ የፈረቃ ኃላፊው ሩብ ሰዓት ቀድሞ ገብቶ ክፍያው እንዲታሰብለት ካልተደረገ የማሽኑ ችግር ሳይነገር ያልፋል፤ መዝገቡም ባዶ ገጽ ያበዛል። ሁለተኛው ብልሽትና ለጥቂት የተረፈ አደጋ በሰዓት የሚጻፍበት ነው። በአሜሪካ የስሪ ማይል አይላንድ የኑክሌር ጣቢያ አደጋ በ1979 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የጀመረው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ነበር፤ ሰው በጣም የሚዝልበት ሰዓት ነው። ጽሑፎቹ ከ9 እስከ 11 ሰዓት መካከል ከተሰበሰቡ ከባዱ ሥራ፣ ለምሳሌ የማሽን ዕቃ መቀየር፣ ከዚያ ሰዓት ይወጣል። በሁለተኛው ሌሊት ብቻ ከበዙ ደግሞ ሠራተኛው ከመጀመሪያው ሌሊት በኋላ እንዳልተኛ ያሳያል፤ ያኔ የሚጠየቀው የሰርቪሱ የመድረሻ ሰዓትና የሚተኛበት ቤት ነው።