ባለቤቱ የሄደበት ስላይድ

ሥራ የለቀቀ ባልደረባ የሚያስረክበው የፓወርፖይንት ፋይል ብዙ ጊዜ ጎዶሎ ነው፤ ማብራሪያው በቃል ይነገር ስለነበር ከሰውየው ጋር ሄዷል። ለእያንዳንዱ ስላይድ የተናጋሪ ማስታወሻ የሚጽፍ ተረካቢ መጀመሪያ ከስላይዱ ሥር ያለውን የ`Notes` ቦታ ይመለከታል፤ የቀድሞው አቅራቢ ጥቂት ቃላት ትቶ ሊሆን ይችላል። የተደበቁ ስላይዶችንም መፈተሽ ይገባል፤ ለከባድ ጥያቄ የተዘጋጀ መልስ ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው እዚያ ነው።

ዋናው ፈተና ግራፍ ነው።

የአንድ ውሃ ፕሮጀክት ስላይድ «85 በመቶ ጉድጓዶች ይሠራሉ» ይላል እንበል፤ ምንጭም ቀንም የለውም። ተረካቢዋ ግራፉን በቀኝ ክሊክ ነክታ `Edit Data` ስትመርጥ ሠንጠረዡ ይከፈታል፦ 20 ጉድጓዶች ታይተው 17ቱ ይሠራሉ። ስለዚህ ማስታወሻዋ ስለ ወረዳው ጉድጓዶች በሙሉ ሳይሆን «ከታዩት 20 ጉድጓዶች 17ቱ» ብሎ ይናገራል። ግራፉ ከሌላ ፋይል ጋር የተያያዘ ሆኖ ያ ፋይል ከጠፋ ግን ሠንጠረዡ አይከፈትም፤ ያኔ የፕሮጀክቱን ሪፖርቶች ማገላበጥ ግድ ነው።

ቀኑ ካልተገኘ በግምት መሙላት አደገኛ ነው፤ ዛሬ የተጻፈ ግምት ነገ በሌላ አቅራቢ አፍ እውነት ሆኖ ይነገራል። «ቀኑ አልተረጋገጠም፤ የመስክ ክፍሉ ይጠየቅ» ብሎ መጻፍ ይሻላል። የመስክ ፎቶ ላይም እንዲሁ ነው፦ ቦታው ያልሄደ ሰው «ስንደርስ ያየነው» ሳይሆን «ቡድኑ ሲደርስ ያየው» ይላል።

በመጨረሻ ማስታወሻው ድምፅ ተሰምቶ ይነበባል። ስላይዱ ላይ ያለውን ብቻ የሚደግም ዓረፍተ ነገር ይሰረዛል።