ድሮኑ ማንን ያምናል?

አራት ሞተር ያለው ትንሽ ድሮን በተፈጥሮው ሚዛን የሚጠብቅ ነገር አይደለም። አውሮፕላን ሞተሩ ቢጠፋበት እንኳ ክንፉን ተማምኖ እየተንሸራተተ ሊወርድ ይችላል። ድሮን ግን ክንፍም ጭራም የለውም። አንዱ ፕሮፔለር ከሌላው ትንሽ በልጦ ከገፋ ወዲያው ይጋደላል፤ የሚያስተካክለው ካላገኘ በቅጽበት ይገለበጣል። አብራሪው ጣቱን ከሪሞቱ ላይ ሲያነሳ አየር ላይ ረግቶ የሚቆመው፣ ሆዱ ውስጥ ያለችው ፍላይት ኮንትሮለር የምትባል ሰሌዳ የሞተሮቹን ፍጥነት በሰከንድ ብዙ መቶ ጊዜ፣ በአንዳንዶቹ ድሮኖች ላይም ብዙ ሺህ ጊዜ ስለምትቀያይር ነው። ዱላ መዳፉ ላይ አቁሞ የሚይዝ ሰው እጁን ለአፍታም እንደማያሳርፍ ሁሉ እሷም አታርፍም።

ይህች ሰሌዳ በራሷ የምታውቀው ነገር የለም። ሴንሰሮቹ የነገሯትን ታምናለች፣ ባመነችው ልክም ሞተሮቹን ታዛለች። እያንዳንዱ ሴንሰር ደግሞ የሚሳሳትበት የራሱ ጊዜና ቦታ አለው። ለአብራሪዎች ከሚነገሩት የጥንቃቄ ሕጎች ብዙዎቹ የሚመነጩት ከዚሁ ስለሆነ፣ ምክንያቱን የተረዳ ሰው ሕጉን መሸምደድ አያስፈልገውም።

በመጀመሪያ ሰሌዳዋ በእጇ ያላትን እንይ። አራቱ ፕሮፔለሮች ሁሉም በአንድ አቅጣጫ አይዞሩም። በሰያፍ የሚተያዩት ሁለቱ ወደ ቀኝ፣ ሌሎቹ ሁለቱ ወደ ግራ ይዞራሉ፤ ስለዚህ አካሉን ለማሽከርከር የሚፈጥሩት ኃይል እርስ በርሱ ይጣፋል። የግራዎቹ ሞተሮች ሲፈጥኑና የቀኞቹ ሲቀንሱ ድሮኑ ወደ ቀኝ ያጋድላል፤ ባጋደለበትም አቅጣጫ ይሄዳል። በሰያፍ ያሉት አንድ ጥንድ ሲፈጥኑና ሌሎቹ ሲቀንሱ ደግሞ እዚያው በቆመበት ፊቱን ያዞራል። መሪ የለ፣ የሚታጠፍ ክንፍ የለ፤ ሁሉም ነገር የሚሆነው በአራት ሞተሮች የፍጥነት ልዩነት ብቻ ነው።

መጋደሉን ከሁሉ ቀድሞ የሚያውቀው ጋይሮስኮፕ ነው። ከጥፍር የምታንስ ቺፕ ውስጥ ተቀምጦ ድሮኑ በሰከንድ ስንት ዲግሪ እየዞረ እንደሆነ ይለካል። ነፋስ ከጎን ሲመታው፣ መጋደሉ ለሰው ዐይን ከመታየቱ በፊት ጋይሮው ተናግሮ፣ ሰሌዳዋም የተገፋውን ጎን ሞተሮች አፍጥና ጨርሳለች። ይሁን እንጂ ጋይሮው የሚናገረው ስለ ለውጥ ብቻ ነው። «አሁን ስንት ዲግሪ ተጋድለናል?» ለሚለው ጥያቄ ሰሌዳዋ ለውጦቹን አንድ በአንድ መደመር አለባት፤ ስትደምር ደግሞ ስሕተቱም አብሮ ይደመራል። ጋይሮው በሰከንድ 0.05 ዲግሪ ብቻ ይሳሳታል እንበል። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ስሕተቱ 3 ዲግሪ ይደርሳል። ሰሌዳዋ ቀጥ ብያለሁ ብላ እያመነች ድሮኑ በ3 ዲግሪ ያጋደለ ነው፤ በዚህ ማጋደል ብቻ ነፋስ በሌለበት በ4 ሰከንድ ውስጥ 4 ሜትር ያህል ይሸሻል። በትንሽ ግቢ ውስጥ 4 ሜትር ማለት ግድግዳ ነው።

ይህን የሚያርመው አክስሌሮሜትር ነው። እሱ የስበትን አቅጣጫ ስለሚያገኝ ታች የት እንደሆነ ያውቃል፤ ጊዜ በረዘመ ቁጥርም ስሕተቱ አይጠራቀምበትም። ድክመቱ ሌላ ነው። ድሮኑ ድንገት ሲፈጥን ወይም ሲቆም፣ እንዲሁም ሞተሮቹ ሲንቀጠቀጡ፣ የስበትን ኃይል ከሌላው ኃይል መለየት ያቅተዋል። ስለዚህ ሰሌዳዋ ሁለቱን ታስታርቃለች። ለቅጽበቱ ጋይሮውን ታምናለች፤ ከዚያ በአክስሌሮሜትሩ ምስክርነት ቀስ እያለች ታቃናዋለች። ቀላል በሆነው የስሌት ዓይነት፣ በእያንዳንዱ ዙር 98 በመቶው እምነት ለጋይሮው፣ 2 በመቶው ለአክስሌሮሜትሩ ሊሰጥ ይችላል። የተሰነጠቀ ወይም ጠርዙ የተበላ ፕሮፔለር አደገኛ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። የመግፋት አቅሙ መቀነሱ ብቻ ሳይሆን፣ ንዝረቱ አካሉን አልፎ ሴንሰሮቹ ዘንድ ደርሶ ምስክርነታቸውን ያበላሻል። ምልክቱም ይታያል፤ ቪዲዮው በቀጭኑ ይርገበገባል፣ የሞተሩ ድምፅ ይሻክራል፣ ድሮኑም ያለ ነፋስ ይወዛወዛል። ከመነሳት በፊት እያንዳንዱን ፕሮፔለር በጣት ጠርዝ ለጠርዝ መዳሰስ ከግማሽ ደቂቃ አይበልጥም። ጥፍር የሚይዝ ስንጥቅ የተገኘበት ፕሮፔለር መቀየር አለበት፤ ማጣበቂያ አይሆንለትም።

እስካሁን የተነሱት ሁለቱ ሴንሰሮች ድሮኑን ቀጥ ያደርጉታል እንጂ አንድ ቦታ ላይ አያቆሙትም። ቀጥ ያለ ድሮን በነፋስ ይወሰዳል። ቦታውን የሚይዘው በጂፒኤስና በኮምፓስ ነው፤ ከፍታውን ደግሞ በባሮሜትር። ባሮሜትር የአየር ግፊትን ይለካል። አዲስ አበባ ላይ አንድ ሜትር ከፍ ሲባል ግፊቱ የሚቀንሰው፣ ከ77 ሺህ ፓስካል ገደማ ውስጥ 9 ያህሉን ብቻ ነው፤ ያም ሆኖ ቺፑ ይለየዋል። ሊዘነጋ የማይገባው፣ ስክሪኑ ላይ የሚታየው ከፍታ የሚቆጠረው ከተነሱበት ነጥብ መሆኑ ነው። ከእንጦጦ ግርጌ ተነስቶ «60 ሜትር» ላይ ወደ ተራራው የሚበር ሰው፣ ቁጥሩ ሳይለወጥ መሬቱ ወደ ድሮኑ እየቀረበ ይመጣል። ድሮኑ በራሱ ወደ ቤት እንዲመለስ የሚሰጠው ከፍታም በመንገዱ ካለው ረጅሙ ሕንፃ፣ ዛፍ ወይም ማማ በላይ ሆኖ መሞላት ያለበት ከመነሳት በፊት ነው።

ከሁሉም ግን ሰውን ግራ የሚያጋባው የኮምፓስ ስሕተት ነው። አንድ ቪዲዮ አንሺ ከባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ ሰገነት ላይ ድሮኑን ያስነሳል እንበል። ከድሮኑ ሥር ያለው አርማታ ነው፤ በውስጡም ፌሮ ተጠላልፏል። ኮምፓሱ በፌሮው ተስቦ አቅጣጫውን በ90 ዲግሪ ይስታል። ድሮኑ ይነሳል፤ ነፋስም አንድ ሜትር ወደ ሰሜን ይገፋዋል። ጂፒኤሱ ያንን በትክክል ይናገራል። ሰሌዳዋ ወደ ደቡብ ላጋድል ትላለች፤ ነገር ግን ደቡብ በየትኛው ጎኗ እንደሆነ የሚነግራት ኮምፓሱ ስለተሳሳተ ወደ ምዕራብ ታጋድላለች። አሁን ወደ ምዕራብ ስለሄደች ወደ ምሥራቅ ልመለስ ስትል ወደ ደቡብ ትሄዳለች። እያንዳንዱ እርማት በጎን ስለሚሆን ድሮኑ ክብ መሥራት ይጀምራል፤ ክቡም እየሰፋ፣ ፍጥነቱም እየጨመረ ይሄዳል። ጋይሮው፣ አክስሌሮሜትሩ፣ ጂፒኤሱ ሁሉም ልክ ናቸው፤ የአንዱ ስሕተት ግን የሁሉንም ሥራ ያበላሻል።

ይህን ከመነሳት በፊት ማወቅ ይቻላል። ስክሪኑ ካርታ ላይ የድሮኑን ፊት የሚያሳይ ቀስት አለ። ድሮኑ በእውነት ወደ መንገዱ እያየ ቀስቱ ወደ ሌላ ጎን ካመለከተ መነሳት የለበትም፤ ከአርማታው፣ ከመኪናው፣ ከብረት በሩ ራቅ ብሎ አፈር ወይም ሣር ላይ ማስቀመጥ ይሻላል። እዚያው ፌሮው ላይ ቆሞ ኮምፓሱን ማስተካከል ስሕተቱን ማጽናት ነው። ከተነሳ በኋላም በሁለት ወይም በሦስት ሜትር ከፍታ፣ ከሰው ርቆ፣ ለግማሽ ደቂቃ ያህል ጣትን አንስቶ መመልከት ይጠቅማል። ክብ ከጀመረ ጂፒኤስ ወደማይጠቀመው የበረራ ስልት መቀየር ነው፤ ሪሞቱ ላይ ካለ። ያኔ ድሮኑ ቀጥ ብሎ ከፍታውን ይይዛል፤ በነፋስ ግን ይወሰዳል፤ አብራሪው በእጁ እየመለሰ ያሳርፈዋል። ይህን ስልት ሜዳ ላይ አስቀድሞ ያልተለማመደ ሰው በጭንቅ ጊዜ አይሆንለትም። አሜሪካና አውሮፓ ውስጥ ሕጉ ድሮኑ ከዐይን እንዳይሰወር የሚያዘውም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ስክሪኑ ሲሳሳት የድሮኑን ፊት የሚያውቀው ዐይን ብቻ ነው። በእነዚሁ አገሮች የመደበኛው ከፍታ ጣሪያ 120 ሜትር ያህል ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ድሮን ማስገባትም ሆነ ማብረር የመንግሥት ፈቃድ ይጠይቃል፤ ከውጭ ይዞ ለመምጣት የሚያስብ ወገን ትኬት ከመቁረጡ በፊት ሊጠይቅ ይገባል።

ሴንሰሮቹ ሁሉ ልክ ቢሆኑ እንኳ ሰሌዳዋ ለማስተካከል የተረፈ ጉልበት ትፈልጋለች። አንዱ ሞተር ቀድሞውኑ በሙሉ ኃይሉ እየዞረ ከሆነ ከዚያ በላይ ልታፈጥነው አትችልም፤ ድሮኑን ለማቅናት ያላት ምርጫ ሌሎቹን መቀነስ ነው፤ ያን ጊዜ ከፍታ ይወርዳል። አዲስ አበባ ላይ አየሩ ከባሕር ወለል 20 በመቶ ያህል የሳሳ ነው። ያንኑ ክብደት ለመሸከም ፕሮፔለሮቹ 12 በመቶ ገደማ ፈጥነው መዞር አለባቸው፤ ለነፋስ የሚተርፈው ጉልበትም በዚያው ልክ ያንሳል። ባትሪው ሲደክምም እንዲሁ ነው፤ ቮልቴጁ ሲወርድ ሞተሮቹ ከፍተኛ ፍጥነታቸው ላይ መድረስ ይሳናቸዋል። ስለዚህ ባትሪ ሲያልቅ የሚያልቀው ጊዜው ብቻ አይደለም፤ ሚዛን የመጠበቅ አቅሙም አብሮ ይሟጠጣል።

ነፋስ ሲጨመርበት ሒሳቡ ይከብዳል። በሰከንድ 10 ሜትር የሚሄድ ድሮን፣ በሰከንድ 7 ሜትር በሚነፍስ ነፋስ ተገፍቶ 600 ሜትር ለመራቅ 35 ሰከንድ ያህል ይበቃዋል። ሲመለስ ግን የሚቀረው በሰከንድ 3 ሜትር ነው፤ 200 ሰከንድ፣ ማለትም ከሦስት ደቂቃ በላይ ይፈጅበታል፤ ያውም በደከመ ባትሪ። ልምድ ያላቸው አብራሪዎች መጀመሪያ ነፋሱን ተጋፍተው የሚሄዱትና ባትሪው 30 በመቶ ሲቀር መመለስ የሚጀምሩት ለዚህ ነው።

ሲያርፍ ደግሞ ብዙ ሰው ድሮኑን ከአየር ላይ በእጁ መያዝ ያምረዋል። ሰሌዳዋ ግን መያዟን አታውቅም። እጅ ትንሽ ሲያዘነብላት ተጋደልሁ ብላ ሞተሮቹን ታፈጥናለች፤ እጁ አልለቅ ሲል ያልተስተካከለውን ስሕተት እያጠራቀመች ኃይል ትጨምራለች። ድሮኑ እጅ ውስጥ ሆኖ የሚታገለውና ጣት የሚቆርጠው በዚህ ምክንያት ነው። ተገልብጦ መሬት ላይ የወደቀም ቢሆን፣ ሞተሮቹ ካልጠፉ ለመቃናት መሞከሩን አይተውም። መጀመሪያ ሞተሮቹን ከሪሞቱ ማጥፋት፣ ፕሮፔለሮቹ ፈጽመው መቆማቸውን በዐይን ማየት፣ ከዚያ ባትሪውን መንቀል፤ እጅ የሚገባው ከዚህ በኋላ ነው።